መንገዱን የሚያውቀው ማን ነው? ከሠንጠረዥ እስከ ማፕሪዱስ

በ1970 ጁን ወር፣ ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ በሚገኘው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ አሥራ አንድ ገጽ ብቻ የያዘ ጥናት አሳተመ። (በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን ከኮምፒውተር መረጃ የሚያወጣ ፕሮግራመር መረጃው በዲስኩ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት። የትኛው መዝገብ ወደ የትኛው እንደሚጠቁም፣ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚደረስ እየተከተለ ይጽፋል። አንድ ቀን የፋይሉ አቀማመጥ ከተለወጠ ፕሮግራሙ ይበላሻል። ኤድጋር ያቀረበው ሐሳብ ይህን ሸክም ከሰው ጫንቃ የሚያወርድ ነበር። መረጃው ረድፍና ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር፤ በየትኛው መንገድ እንደሚገኝ ማሽኑ ይወቅበት አለ።

ሐሳቡን ሥራ ላይ ያዋሉት ሌሎች ናቸው። በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በዚያው በአይቢኤም ዛሬ SQL የምንለውን የመጠይቅ ቋንቋ የመጀመሪያ ቅርጽ አወጡለት። ዋናው እንቆቅልሽ ግን ገና አልተፈታም ነበር። ሰውየው መንገዱን ካልተናገረ መንገዱን የሚመርጠው ማን ነው? በ1979 ፓትሪሺያ ሴሊንገርና ባልደረቦቿ ለዚህ መልስ ይዘው መጡ። ማሽኑ እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ስንት ረድፍ እንዳለው፣ በአንድ ዓምድ ውስጥ ስንት የተለያዩ እሴቶች እንዳሉ፣ የትኛው ዓምድ ኢንዴክስ እንዳለው አስቀድሞ መዝግቦ ይይዛል። ጥያቄ ሲመጣለት ሊሄድባቸው የሚችሉትን መንገዶች ይደረድራል፣ ለእያንዳንዱ ዋጋ ይገምታል፣ ከሁሉም የረከሰውን ይወስዳል። አንድ ሚሊዮን ረድፍ ካለው ሠንጠረዥ አሥሩን ብቻ ከፈለግን በኢንዴክሱ በኩል ይሄዳል፤ ግማሹን ከፈለግን ኢንዴክሱን ትቶ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል።

ይህ ብልሃት የሚሠራው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ማሽኑ መረጃውን ከጥያቄው በፊት ማወቅ አለበት። ዓምዶቹና ዓይነታቸው አስቀድሞ ይነገረዋል፣ መረጃው ወደ ውስጥ ይጫናል፣ ኢንዴክስ ይሠራለታል፣ ስታቲስቲክስ ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት የሚከፈል ዋጋ ነው።

መረጃን በብዙ ማሽኖች ላይ ከፋፍሎ መሥራት የማፕሪዱስ ፈጠራ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። አይደለም፤ እዚህ ላይ የቀደሙትን ማክበር ይገባል። በ1979 የተመሠረተው ቴራዳታ የተባለ ኩባንያ ይህን ለገበያ አቀረበ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ ዴቪድ ዴዊት በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጋማ በተባለው ሥርዓቱ ሠንጠረዥን በብዙ ኮምፒውተሮች ዲስክ ላይ በትኖ አንዱን ጥያቄ ሁሉም እኩል እንዲሠሩለት አድርጓል። በነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ አንዱ ደረጃ ያጣራውን ረድፍ ለቀጣዩ ደረጃ ወዲያው ያቀብለዋል፤ በመካከል ዲስክ ላይ አይጻፍም። ፍጥነታቸው ከዚህ ይመጣል፤ ድካማቸውም ከዚሁ ነው። በመካከል አንድ ማሽን ከሞተ በእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ጥያቄውም ከ"ሀ" ይጀምራል። ማሽኖቹ ውድና ጥቂት፣ ጥያቄውም የደቂቃዎች ስለነበር ይህን የሚያማርር አልነበረም።

የሚያማርሩት ሰዎች የመጡት በሌላ በኩል ነው። በ2000 መጀመሪያ ገና ትንሽ የነበረው ጉግል ጭንቅ ውስጥ ገብቶ ነበር። ድረ ገጾችን እየለቀመ የፍለጋ ኢንዴክስ የሚሠራው ሥርዓት ለወራት ሥራውን መጨረስ አቅቶት ስለነበር ፈላጊዎች የሚያገኙት ያረጀ ውጤት ነው። ጄፍ ዲንና ሳንጄይ ጌማዋት የተባሉ ሁለት ኢንጂነሮች ከባልደረቦቻቸው ጋር ቀንና ሌሊት ችግሩን ሲያሳድዱ ከረሙ። በፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት ሲፈልጉ ቆይተው በመጨረሻ የመረጃውን 0 እና 1 አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ስሕተቱ ከፕሮግራሙ አልነበረም። ኩባንያው ገንዘብ ለመቆጠብ ይገዛቸው የነበሩት ርካሽ ኮምፒውተሮች ማስታወሻቸው ላይ 0 የነበረውን 1፣ 1 የነበረውን 0 እያደረጉ መረጃውን ሲያበላሹ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እነዚህ ሰዎች ፕሮግራም የጻፉት ማሽን እንደሚከዳ ቆጥረው ነው። የአይቢኤም ሰዎች ሥርዓታቸውን የሠሩት ሰው መንገድ መምረጥ ይሳነዋል ብለው ሲሆን፣ የጉግል ሰዎች ደግሞ ማሽን በመንገድ ላይ ይወድቃል ብለው ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች በኋላ በነገር ሁሉ የሚለያዩት በዚህ መነሻ ምክንያት ይመስለኛል።

በ2003 ጉግል የራሱን የፋይል ሥርዓት ለሕዝብ አሳወቀ። ትልቅ ፋይል በ64 ሜጋባይት እየተቆረሰ፣ እያንዳንዱ ቁራሽ በሦስት የተለያዩ ማሽኖች ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢሞት ሁለቱ አሉ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ወር የማፕሪዱስ የመጀመሪያ ቅጂ ተጻፈ፤ ጥናቱ በ2004 ዲሴምበር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደ ጉባኤ ቀረበ። ዲንና ጌማዋት ያዩት ነገር ቀላል ነበር። በኩባንያው ውስጥ ለየጉዳዩ የተጻፉ በመቶ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ የሁሉም ቁም ነገር ጥቂት መስመር ነው። የቀረው ሥራውን ለብዙ ማሽኖች የማከፋፈል፣ የሞተውን የመተካትና ውጤቱን የመሰብሰብ ጣጣ ነው። ይህን ጣጣ አንድ ጊዜ በደንብ ጽፈው ለሁሉም ሰጡ፤ ለፕሮግራመሩ የቀሩለት ሁለት ክፍሎች ብቻ ሆኑ። የኢንዴክሱን ሥራ ወስደን እንየው፤ የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንዳለ ማወቅ እንፈልጋለን እንበል።

```python
def map(url, text):
    for word in text.split():
        emit(word, url)

def reduce(word, urls):
    emit(word, sorted(set(urls)))
```

ማፕ የሚባለው ክፍል አንድ ገጽ ይሰጠዋል፤ ለሚያየው ቃል ሁሉ "ይህ ቃል በዚህ ገጽ አለ" የሚል ጥንድ ይጥላል። ስለ ሌላው ገጽ ምንም አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ሺህ ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ ሊሠራ ይችላል። ሪዱስ ደግሞ አንድ ቃልና ቃሉ የተገኘባቸውን ገጾች ሁሉ ተሰብስበው ያገኛቸዋል። "ቡና" የሚለውን ቃል ሦስት መቶ ማሽኖች በየገጻቸው ቢያገኙት ሦስት መቶውም ጥንድ ወደ አንድ ሪዱስ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ማጓጓዝ ሻፍል ይባላል፤ ፕሮግራመሩ ስለ እሱ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም፤ ሥርዓቱ በራሱ ይሠራዋል።

ሥራው የሚሄደው እንዲህ ነው። አንድ አለቃ ማሽን ግብዓቱን ይቆራርጥና እያንዳንዱን ቁራሽ በተቻለ መጠን ቁራሹ ዲስኩ ላይ ላለው ማሽን ይሰጠዋል። በእኛ አገር ምርጫ ሲካሄድ ኮሮጆው ወደ ዋና ከተማ ተጭኖ አይመጣም፤ ቆጣሪዎቹ ጣቢያው ላይ ቆጥረው ውጤቱን ይልካሉ። ማፕሪዱስም ጥቂት መቶ መስመር የሆነውን ፕሮግራም ወደ መረጃው ይልካል፤ ቴራባይቱን ወደ ፕሮግራሙ አያጓጉዝም። ማፕ የጣላቸውን ጥንዶች ያ ማሽን በራሱ ዲስክ ላይ ለየሪዱሱ ለይቶ ይጽፋቸዋል። ሪዱሶቹ ከየማሽኑ ዲስክ ድርሻቸውን እየሳቡ፣ በቃሉ ተራ ደርድረው፣ ውጤታቸውን ሦስት ቅጂ ወዳለው የፋይል ሥርዓት ይጽፋሉ።

ዲስክ ላይ የሚጻፈው ነገር ላይ ቆም እንበል። ጋማና መሰሎቹ ረድፉን በእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሉ፣ ማፕሪዱስ ግን በመካከል አቁሞ ሁሉን መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ጊዜ ይበላል፤ ሆኖም አለቃው ማሽን በየጊዜው "አለህ?" እያለ ሲጠይቅ አንዱ ዝም ቢል የጠፋው የዚያ ማሽን ሥራ ብቻ ነው። ያልጨረሰው ሥራ ለሌላ ይሰጣል። ጨርሶት የነበረው የማፕ ሥራ እንኳ እንደገና ይሠራል፤ ውጤቱ የተጻፈው በሞተው ማሽን ዲስክ ላይ ነበርና። የጨረሰው የሪዱስ ሥራ ግን አይደገምም፤ ውጤቱ በሦስት ቦታ ተቀምጧል። የቀሩት ማሽኖች ሥራቸውን አያቋርጡም።

ጥናቱ ይህን በቁጥር አሳይቷል። ወደ 1,800 በሚጠጉ ማሽኖች አንድ ቴራባይት የሚያህል፣ አሥር ቢሊዮን መዝገብ ያለው መረጃ በተራ እንዲደረደር ተደረገ። ሥራው 891 ሰከንድ ወሰደ። በሁለተኛው ሙከራ ሥራው መካከል ሳለ ሆን ብለው ከ1,746 ሠራተኞች ውስጥ 200ውን ገደሉ፤ ሥራው በ933 ሰከንድ ተጠናቀቀ። ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነው የዘገየው። በአውሮፕላን ውስጥ ሆነው ሞተር አጥፍተው እንደመሞከር ያለ ድፍረት ነው፤ ጥናቱን ካነበብኩ ብዙ ዓመት ቢሆንም ይህ ሙከራ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ሦስተኛው ሙከራ ደግሞ ሌላ ጠላት አሳየ። ከሞተ ማሽን ይልቅ የሚያስቸግረው በሕይወት ያለ ግን የሚያዘግም ማሽን ነው። ዲስኩ መታመም የጀመረ ኮምፒውተር በሰከንድ 30 ሜጋባይት ያነብ የነበረው ወደ 1 ሜጋባይት ሊወርድ ይችላል፤ "አለህ?" ሲሉት ግን "አለሁ" ይላል። መድኃኒቱ ይህ ነበር፤ ሥራው ወደ ማለቂያው ሲደርስ አለቃው ገና ያላለቁትን ሥራዎች ለሌሎች ማሽኖችም ይሰጣቸዋል፤ ቀድሞ የጨረሰው ይወሰዳል። ይህን መድኃኒት ሲያጠፉት 891 የነበረው 1,283 ሰከንድ ሆነ። ያ ሁሉ ትርፍ ጊዜ ያለቀው ጥቂት ዘገምተኞችን በመጠበቅ ነው።

በ2004 ኦገስት ወር ብቻ በጉግል ውስጥ 29,423 የማፕሪዱስ ሥራዎች ተካሂደዋል፤ በአማካይ በአንድ ሥራ 1.2 ማሽን ይሞት ነበር። በመካከል ማሽን ቢሞት ከ"ሀ" የሚጀምር ሥርዓት በዚህ ቦታ ምን ያህል ሊያስቸግር እንደሚችል ከዚህ ቁጥር ይታያል።

ጉግል ጥናቱን እንጂ ፕሮግራሙን አልሰጠም ነበር። ዳግ ከቲንግና ማይክ ካፋሬላ የተባሉ ሁለት ሰዎች ለራሳቸው የፍለጋ ፕሮጀክት ሲሉ ጥናቶቹን አንብበው እንደገና ጻፉት። በ2006 ከቲንግ ወደ ያሁ ገባ፤ ሥራውም ሃዱፕ ተብሎ ለብቻው ቆመ። ስሙን ያገኘው የከቲንግ ልጅ ይጫወትበት ከነበረው ቢጫ ዝሆን ነው። በ2008 ያሁ 910 ማሽኖች አሰልፎ በሃዱፕ አንድ ቴራባይት በ209 ሰከንድ ደረደረ። ርካሽ ኮምፒውተርና ነፃ ፕሮግራም ያለው ሁሉ ትልቅ መረጃ መሥራት ቻለ፤ ዓለም ወደ ሃዱፕ ጎረፈ።

የዳታቤዝ ሊቃውንት ግን ተቆጡ። በ2008 ጃንዋሪ ያ የጋማው ዴቪድ ዴዊትና በዘርፉ ስመ ጥር የሆነው ማይክል ስቶንብሬከር ማፕሪዱስ ትልቅ ወደ ኋላ መመለስ ነው ብለው ጻፉ። ሠንጠረዡ ምን ዓምድ እንዳለው አያውቅም፣ ኢንዴክስ የለውም፣ አዲስ የተባለውም ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ ነው አሉ። ቁጣቸው ውስጥ ብዙ እውነት ነበር። በነገራቸው ብቻ አልቆሙም፤ በ2009 አንድሩ ፓቭሎና ስቶንብሬከርን ጨምሮ ሌሎች ተመራማሪዎች ሃዱፕን ከሁለት ዳታቤዞች ጋር በ100 ማሽኖች ላይ አወዳደሩ። አንደኛው ቨርቲካ ሲሆን ሌላው ስሙ ያልተገለጸ የንግድ ዳታቤዝ ነው።

ከሙከራዎቹ አንዱን በዝርዝር ማየት ልዩነቱን ከብዙ ንግግር ይበልጥ ያስረዳል። ሁለት ሠንጠረዦች አሉ። አንዱ ገጾችና ደረጃቸው ሲሆን በየማሽኑ 1 ጊጋባይት ነው፤ ሁለተኛው ገጾቹን የጎበኙ ሰዎች መዝገብ ሲሆን በየማሽኑ 20 ጊጋባይት፣ 155 ሚሊዮን ረድፍ ነው። ጥያቄው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከፍተኛውን የማስታወቂያ ገቢ ያስገኘው የጎብኚ አድራሻ የትኛው ነው፣ የጎበኛቸው ገጾችስ አማካይ ደረጃ ስንት ነው የሚል ነው። በ SQL ሲጻፍ፣ በመጠኑ ሳሳጥረው፣ ይህን ይመስላል።

```sql
SELECT sourceIP, AVG(pageRank), SUM(adRevenue) AS total
FROM Rankings R JOIN UserVisits UV
  ON R.pageURL = UV.destURL
WHERE UV.visitDate BETWEEN '2000-01-15' AND '2000-01-22'
GROUP BY sourceIP
ORDER BY total DESC
LIMIT 1;
```

ዳታቤዞቹ ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅተው ነበር። የጉብኝቱ መዝገብ በቀን ኢንዴክስ ስላለው ከሁለት ቴራባይት ውስጥ የዚያን ሳምንት ረድፎች ብቻ አወጡ። በተጨማሪም ሁለቱ ሠንጠረዦች መረጃው ሲጫን በገጽ አድራሻ ተከፋፍለው ስለነበር፣ የአንድ ገጽ ደረጃና የዚያ ገጽ ጉብኝቶች ቀድሞውኑ አንድ ማሽን ላይ ናቸው። ማጣመሩ በየቤቱ አለቀ፤ በኔትወርክ የሄደ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ሃዱፕ ይህን ለመሥራት ሦስት የማፕሪዱስ ሥራዎች ተራ በተራ ተጻፉለት። በመጀመሪያው ማፕ ሁለቱን ፋይሎች ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ቀኑ የማይመለከተውን ይጥላል፣ የቀረውን በገጽ አድራሻ ያወጣል፤ ሪዱስ ያጣምራል። በሁለተኛው ያ ውጤት ከፋይል ተነብቦ በጎብኚ አድራሻ ይደመራል። በሦስተኛው አንድ ሪዱስ ብቻ ከሁሉም ትልቁን ይመርጣል። አንዱ ሥራ ለሌላው የሚያወርሰው ነገር ዲስክ ላይ የተጻፈ ፋይል ብቻ ነው፤ ሦስቱ ሥራዎች በአንድነት አንድ ጥያቄ መሆናቸውን ሃዱፕ አያውቅም። ጊዜውን የበላው ግን ከሁሉ በላይ በየማሽኑ ያለውን 20 ጊጋባይት አንብቦ መጨረሱ ነው፤ የተፈለገው የአንድ ሳምንት መዝገብ ብቻ ሆኖ ሳለ።

ሃዱፕ 1,158 ሰከንድ ፈጀ። ስሙ ያልተገለጸው ዳታቤዝ በ32፣ ቨርቲካ በ55 ሰከንድ ጨረሱ። ያው ማሽን፣ ያው መረጃ፣ ያው ጥያቄ ነው።

ማፕሪዱስን የፈጠሩት ሰዎች መልሳቸው በ2010 ጃንዋሪ ታተመ። መሸነፋቸውን በደፈናው አልካዱም፤ ሙከራው ምን እንዳልቆጠረ ነው ያሳዩት። መረጃው ወደ ዳታቤዝ የተጫነበት ጊዜ ጥያቄዎቹ በፈጁት ጊዜ ውስጥ አልተቆጠረም፤ ሃዱፕ ግን ፋይሉ እንደተቀዳ ሥራ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ተነብቦ ለሚጣል መዝገብ፣ ዳታቤዙ ጭኖ የመጀመሪያውን መልስ እስኪሰጥ ማፕሪዱስ ብዙ ትንተናዎችን ሊጨርስ ይችላል አሉ። ደግሞም ሃዱፕ መዝገቡን ያነበበው ከተራ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉን ወደ ቁጥር መመለሱ ብቻውን በባይነሪ ከተቀመጠ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር 80 እጥፍ ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ለክተው አሳዩ። ይህ የፋይሉ ቅርጽ ጥፋት እንጂ የማፕሪዱስ አይደለም።

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ባነበብኩ ቁጥር ሁለቱም ወገኖች ስለ ተለያየ ሥራ እንደሚናገሩ ይሰማኛል። ያው መረጃ በየቀኑ መቶ ጊዜ የሚጠየቅ ከሆነ የመጫኛው ዋጋ ለመቶው ስለሚከፋፈል ከቁጥር አይገባም፤ ዳታቤዝ ይሻላል። ከድረ ገጽ የተለቀመ፣ ዓምድ የሌለው፣ አንዴ ተፈትሾ ወደ ሌላ ነገር የሚለወጥ ክምር ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ መጫኑ ከንቱ ድካም ነው።

በሥራው ላይ የነበሩት ሰዎች ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም። ፌስቡክ ውስጥ መረጃው በሃዱፕ ላይ ነበር፤ ጠያቂዎቹ ግን የሚያውቁት SQL ነው፤ ለአንድ ቀላል ድምር ሁሉ ፕሮግራም እየጻፉ መኖር አልቻሉም። እዚያ ያሉ ኢንጂነሮች ሃይቭ የተባለውን ሠሩ፤ ሰው በ SQL ይጽፋል፣ ሃይቭ ወደ ተከታታይ የማፕሪዱስ ሥራዎች ይቀይረዋል። ኤድጋር በ1970 የጠየቀው ነገር በሃዱፕ ላይ ተመልሶ መጣ፤ ሰውየው የሚፈልገውን ብቻ ይናገራል።

እኔም ከዚህ ነገር ጋር የተዋወቅሁት በሃይቭ በኩል ነው። በምሠራበት ቤት የስልክ ጥሪ መዝገብን ከደንበኞች ዝርዝር ጋር የሚያጣምር ሥራ በየሌሊቱ ይሄድ ነበር። አንድ ጠዋት ስገባ ገና አላለቀም። ስክሪኑ ላይ ያለው ይህ ነው፤ ከሦስት ሰዓት በላይ አልተነቃነቀም።

```
Stage-1 map = 100%,  reduce = 99%
```

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማሽን ታሟል ብዬ ነው። የሥራዎቹን ዝርዝር ስከፍት ግን ሥርዓቱ ራሱ ያንኑ ጠርጥሮ ያንን አንድ ሪዱስ ለሌላ ማሽን ደግሞ ሰጥቶታል፤ ሁለተኛውም እኩል እየተንፏቀቀ ነው። በሽታው የማሽን ቢሆን ኖሮ ጤነኛው ማሽን ቶሎ ይጨርስ ነበር። ሁለቱም እኩል ከዘገዩ ነገሩ ያለው መረጃው ላይ ነው። የየሪዱሱን የግብዓት ብዛት ሳነጻጽር ያ አንዱ ከሌሎቹ በመቶ እጥፍ የሚበልጥ መዝገብ ተጭኖበታል። ምክንያቱ የደንበኛው ቁጥር ያልታወቀ ጥሪ ሁሉ በመዝገቡ ላይ "0" ተብሎ መጻፉ ነው። አንድ ዓይነት ቁልፍ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ሪዱስ ይሄዳል፤ ሕጉ ነው። ሌሎቹ ማሽኖች ሥራቸውን ጨርሰው ተቀምጠው፣ አንዱ ብቻውን ሚሊዮኖቹን "0" ይቆጥራል። "0" የሆኑትን አስቀድሜ ለይቼ ለብቻ እንዲሠሩ ሳደርግ ሥራው ወደ ወትሮው ሰዓቱ ተመለሰ። ስለ ዓምዱ ስታቲስቲክስ የያዘ ዳታቤዝ ቢሆን አንድ እሴት እንዲህ እንደበዛ ከመነሻው የማየት ዕድል ነበረው። ማፕሪዱስ ግን ስለ ሞተ ማሽን ሁሉን ሲያውቅ፣ ስለሚያነበው መረጃ የሚያውቀው ምንም የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጠን ብሎ ይሄዳል። ጉግል ራሱ በ2010 የፍለጋ ኢንዴክሱን ከማፕሪዱስ አወጣው። ጥቂት ገጾች ሲለወጡ ክምሩን ሁሉ እንደገና ማንበብ ስለማያዋጣ፣ የተለወጠውን ብቻ የሚያድስ ሥርዓት ተካው። በ2014 ከኩባንያው መሪዎች አንዱ ኡርስ ሆልዝሌ ማፕሪዱስን እምብዛም እንደማይጠቀሙበት በአደባባይ ተናገረ። በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማቴይ ዛሃሪያ ስፓርክን ጀመረ። ሃሳቡ የሚነሣው ቅድም ካየነው ከሦስቱ ተከታታይ ሥራዎች ድክመት ነው። በሥራዎቹ መካከል ሁሉን ዲስክ ላይ ከመጻፍ መረጃው በማስታወሻ ይቆይ፤ አንድ ቁራሽ ከጠፋ ደግሞ በምን ተራ እንደተሠራ ስለተመዘገበ ያ ቁራሽ ብቻ እንደገና ይሠራ። ሦስቱም ደረጃዎች በአንድ ዕቅድ ውስጥ ስለሚታዩ ሥርዓቱ ሙሉውን ጥያቄ ያውቀዋል። በ2015 ስፓርክ SQL ላይ የራሱን መንገድ መራጭ እንዴት እንደገነባ የሚያስረዳ ጥናት ወጣ፤ ሴሊንገር በ1979 የጀመረችው ጥበብ ወደ ርካሽ ማሽኖች ሰፈር ገባ።

ሻፍሉ ግን አልጠፋም። ስፓርክም በሁለት ደረጃዎች መካከል መረጃን በቁልፍ ሲያከፋፍል ዛሬም በየማሽኑ ዲስክ ላይ ይጽፈዋል፤ ዲንና ጌማዋት በ2003 ባደረጉት ምክንያት ነው። እዚህ ላይ አንድ ሌላ ጥቅም ተገኘ። መንገድ መራጩ ሁልጊዜ የሚሠራው በግምት ነው፤ ግምቱ ከተሳሳተ መንገዱም ይሳሳታል፤ በእጅ ወደ እጅ በሚቀባበል ሥርዓት ውስጥ ደግሞ በመካከል ቆሞ ማስተካከል ያስቸግራል። ሻፍሉ ጋ ግን ሥራው የግድ ይቆማል፤ ለየሪዱሱ ስንት ባይት እንደተጻፈም ከዚያ በኋላ ግምት ሳይሆን የተቆጠረ ነገር ነው።

በ2020 የወጣው ስፓርክ 3.0 ይህን ቆጠራ ተጠቅሞ የቀረውን መንገድ እንደገና ይመርጣል። ከሁለቱ አንዱ ሠንጠረዥ ከታሰበው ያነሰ ሆኖ ከተገኘ ትንሹን ለሁሉም ማሽን አድሎ ማጣመሩን በቦታው ይጨርሳል። አንድ ክፍል ከሌሎቹ ከመጠን በላይ ከበዛም ይሰነጣጥቀውና ለብዙ ሠራተኞች ያካፍለዋል። ከ3.2 ወዲህ ማንም ሳያበራው በራሱ የበራ ነው።

```
spark.sql.adaptive.enabled = true
spark.sql.adaptive.skewJoin.enabled = true
```

እኔን ያን ጠዋት 99% ላይ አስሮ ያስቀረኝ የ"0" ክምር ዛሬ ቢመጣ፣ ጥሪዎቹ ያሉበት ወገን ተሰንጥቆ፣ ከደንበኞች ዝርዝር የሚዛመደው ክፍል ለየስንጣሪው ተባዝቶ ይሰጣል። በ1979 ስታቲስቲክሱ የሚሰበሰበው ከጥያቄው በፊት ነበር፤ እዚህ ግን ሥራው በሂደት ላይ ሳለ፣ ማሽን ይሞታል ተብሎ ከተጻፈ ፋይል ላይ ይነበባል።